ጥብሱ ይተካል፣ ሰዓቱ ግን አይተካም

በገበያ ቀን በከተማ ምግብ ቤቶች ከሚሰሙት ቅሬታዎች መካከል ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ፤ "ዘገየብን" እና "ቀዝቅዟል"። ቅሬታዎቹ ከአንድ አፍ ቢወጡም መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። የቀዘቀዘው ምግብ በትኩስ ሊተካ ይችላል። የባከነው ሰዓት ግን አይመለስም፤ እንዲያውም አዲስ ምግብ መሥራት ከእንግዳው ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይወስዳል። የተቀየመን እንግዳ ለመካስ የሚጥር ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሳህኑን ለመተካት ይጣደፋል፤ እንግዳው ስንት ደቂቃ እንደቀረው ግን አይጠይቅም።

ጉዳዩን ለማሳየት አንድ የቅዳሜ ገበያ ይታሰብ። ጤፉን ሸጦ የጨረሰ አንድ አርሶ አደር ከልጁና ከጎረቤቱ ጋር በመናኸሪያ አጠገብ ወዳለ ምግብ ቤት ይገባል። ከቀኑ 6፡30 ላይ ግማሽ ኪሎ የበግ ጥብስና አንድ ተጋቢኖ ሽሮ ያዝዛሉ። አስተናጋጁ "አሁን ይደርሳል" ይላቸዋል። ማዕዱ የሚቀርበው ግን 7፡20 ላይ ነው። ሽሮው በሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ ነው፤ የጥብሱ ሞራ ግን በእንጀራው ላይ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ወደ ቀበሌያቸው የሚሄደው መኪና የሚነሣው 8፡30 ላይ ነው።

ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ማዕዱን በጥሞና የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ከዚያው ማንበብ ይችላል። ሽሮው እየፈላ ጥብሱ ከቀዘቀዘ፣ አንዱ ምግብ ቀድሞ ደርሶ ሌላውን ሲጠብቅ ቆይቷል ማለት ነው። በዚህ ማሳያ ጥብሱ 7፡00 ላይ ከምድጃ ወርዷል። የሽሮው ትእዛዝ ግን ለሌላዋ ወጥ ሠሪ ዘግይቶ በመነገሩ፣ ጥብሱ ሃያ ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም ቀዝቅዘው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ በወጥ ቤቱና በእንግዳው መካከል፣ ማለትም ማዕዱን በወቅቱ ባላነሣው አስተናጋጅ ላይ ይሆን ነበር።

ጥብስ ደግሞ ቶሎ ከሚቀዘቅዙ ምግቦች አንዱ ነው። ሥጋው በትናንሹ የተከተፈ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። በቀዘቀዘ እንጀራ ላይ ሲዘረጋ ደግሞ ከላይም ከታችም ይበርዳል። የበግ ሞራ ከሌላው ስብ ይልቅ ፈጥኖ የሚረጋ ስለሆነ ቅዝቃዜውን ዓይንም ምላስም ወዲያው ይለየዋል።

እዚህ ላይ ቅሬታውን ከጤና ስጋት መለየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዲቆይ፣ ያለበለዚያም በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። ስለዚህ ሃያ ደቂቃ የቆየ ጥብስ በሽታ ያመጣል ተብሎ አይፈራም። የተጎዳው ጣዕሙና እንግዳው በቤቱ ላይ የነበረው እምነት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ

እንግዳው ቅሬታውን ሲናገር ከአስተናጋጆች አፍ ቀድመው የሚወጡት ቃላት አብዛኛውን ጊዜ መከላከያዎች ናቸው። "ዛሬ ሰው ስለበዛ ነው" ወይም "አሁን ነው እኮ የወጣው" ይባላል። የመጀመሪያው አባባል እውነት ቢሆንም የእንግዳውን ሰዓት አይመልስም። ሁለተኛው ደግሞ የረጋውን ሞራ በዓይኑ እያየ ያለን ሰው ውሸታም እንደማለት ይቆጠራል።

የሚሻለው ሁለቱንም ጥፋቶች በስማቸው ጠርቶ ማመን፣ ከዚያም ስለ ሰዓቱ መጠየቅ ነው። "አባቴ፣ እውነትዎን ነው። ሃምሳ ደቂቃ አስጠብቀንዎታል፤ ጥብሱም ቀዝቅዟል። ጥፋቱ የእኛ ነውና ይቅርታ ያድርጉልን። መኪናዎ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው?" ስለ ቅዝቃዜው ብቻ ይቅርታ የጠየቀ አስተናጋጅ የቅሬታውን ግማሽ አልሰማም፤ እንግዳውም ያልተሰማውን ግማሽ ይዞት ይሄዳል።

መልሱ ከተገኘ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። መኪናው 8፡30 የሚነሣ ከሆነና ወደ መናኸሪያው ሄዶ ቦታ ለመያዝ ሩብ ሰዓት ካስፈለገ፣ እንግዶቹ 8፡15 ላይ መውጣት አለባቸው። ለመብላት ሃያ ደቂቃ ቢወስድባቸው፣ ትኩሱ ምግብ ከ7፡55 በፊት መቅረብ ይኖርበታል። ቅሬታው የተሰማው 7፡25 ላይ ነው። የተከተፈ ሥጋ ካለና ምድጃው ከተለቀቀ ግማሽ ኪሎ ጥብስ በሩብ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ መተካት ይቻላል። አስተናጋጁም "በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል" ብሎ በቁጥር ይናገር። ያችኑ "አሁን ይደርሳል" የሚለውን ቃል መድገም የመጀመሪያውን ጥፋት ከመድገም አይለይም።

መኪናው የሚነሣው 8፡00 ላይ ቢሆን ግን መልሱ ሌላ ነው። እንግዶቹ 7፡45 መውጣት ስላለባቸው የቀራቸው ሃያ ደቂቃ ለመብላት ብቻ ይበቃል። በዚህ ጊዜ "አዲስ እንሥራልዎት" ማለት ደግነት ቢመስልም እንግዳውን በምግብና በመኪና መካከል ማስጨነቅ ነው። የሚበጀው ከምድጃ ያልወረደ፣ በድስት ትኩስ ሆኖ የሚጠብቅ ወጥ ወዲያው ማቅረብና ጥብሱን ከሒሳቡ ማውጣት ነው። እንግዳው ራሱ ከፈለገ ያው ጥብስ ከእንጀራው ተነሥቶ በብረት ምጣድ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ ሊሞቅለት ይችላል። ሥጋው እንደሚደርቅ ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እጅ የነካው ምግብ ከዚያው ማዕድ ውጭ ለሌላ እንግዳ መቅረብ ወይም ወደ ድስት መመለስ የለበትም።

ማዕዱ ሲነሣ

በአንድ ማዕድ በሚበላበት ባህል የአንድ ምግብ መቀዝቀዝ የሁሉንም እጅ ይሰበስባል። ታላቁ እጁን ካነሣ ልጁም ጎረቤቱም አይቀጥሉም። ትሪውን አንሥቶ ሦስት ሰዎችን በባዶ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ደግሞ ሁለተኛ ጥበቃ መፍጠር ነው። ስለዚህ ጥብሱ የፈሰሰበት እንጀራ ይነሣ፤ ሽሮው በአዲስ እንጀራ ይቅረብ፤ አዲሱ ጥብስ ሲደርስም ከሥሩ ፍም ባለው ሸክላ ይምጣ። በሸክላ የመጣ ጥብስ በእንግዶቹ ፊት እየተንጫጫ ስለሚቆይ ትኩስነቱ ማስረጃ አይጠይቅም።

አስተናጋጁ ጉዳዩን ለኃላፊውና ለወጥ ሠሪዋ ራሱ ይንገር እንጂ እንግዳው ታሪኩን ለሦስት ሰው እንዲደግም አያድርግ። ትእዛዙም ከተራው ሁሉ ቀድሞ ወደ እሳት ይግባ። ከሰባትና ስምንት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ተመልሶ "ሥጋው እሳት ላይ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል" ማለት ይጠቅማል። የአገልግሎት አስተዳደር ተመራማሪው ዴቪድ ሜስተር እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1985 ስለ ወረፋ ባሳተመው ጽሑፍ፣ መጨረሻው ያልታወቀና ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ከታወቀውና ከተነገረው ይልቅ ረጅም ሆኖ እንደሚሰማ አስረድቷል። የሰዓቱ ቁጥር ባይለወጥም የሚጠብቀው ሰው ልብ ያርፋል።

ሒሳቡ በማን ላይ ይውደቅ?

ጥብሱ 900 ብር ይሸጣል፣ ለሥጋው፣ ለቅቤውና ለማገዶው የሚወጣው ደግሞ 600 ብር ነው ቢባል፣ ምግቡን የመተካት እውነተኛ ወጪ ይኸው 600 ብር ነው። ያልተበላ ምግብ በሒሳብ ላይ መታየት የለበትም። ተተክቶ በተባለው ሰዓት የቀረበው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይታሰባል። ለባከነው ሰዓት ቤቱ የሻዩን ወይም የለስላሳውን ሒሳብ ቢተው ይበቃል። ሁሉንም በነጻ ማድረግ ግን አንዳንድ እንግዳን ያሳፍራል፤ "ለገንዘብ ብሎ ነው የጮኸው" እንዳይባል ይሰጋልና። ስለዚህ ቅናሹ እንግዳው ሳይጠይቅ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ድምፅ ይነገረው።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ወጪውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ነው። የተመለሰው ምግብ ዋጋ ከአስተናጋጁ ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ አስተናጋጁ ከእንግዳው ጋር መከራከሩ አይቀርም። ቅሬታን ማመን ለእርሱ ገንዘብ መክፈል ይሆንበታልና። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲፈቀድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ባለቤቱ አንድን ምግብ ያለ ፈቃድ እንዲተካ ወይም ከሒሳብ እንዲያወጣ ለአስተናጋጁ ሥልጣን ከሰጠው፣ እንግዳው ኃላፊ እስኪፈለግ ድረስ እንደገና አይጠብቅም።

ዝም ያለው እንግዳ

ቅሬታውን የሚናገር እንግዳ ለመካስ ዕድል ይሰጣል። አስቸጋሪው ይሉኝታ ይዞት "ግድ የለም፣ ይሁን" የሚለው ነው። እርሱ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣና በሚቀጥለው ገበያ ሌላ በር ያንኳኳል። ምልክቶቹ ግን አሉ። እንግዶቹ ሽሮውን ጨርሰው ጥብሱን ወደ ትሪው ዳር ይገፋሉ፤ እጃቸውን ቀድመው ይታጠባሉ፤ ደጋግመው ሰዓት ያያሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ "ምግቡ እንዴት ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ "ጥሩ ነው" ስለሚሆን፣ "ጥብሱ የቀዘቀዘብዎት ይመስለኛል፣ ልተካልዎት?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል።

"ከፍትፍቱ ፊቱ" እንደሚባለው የአስተናጋጁ ፊት ብዙ ነገር ያለዝባል። አቅሙ ግን ወሰን አለው። አንድ ጊዜ በሚገባ የተካሰ እንግዳ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ በሁለተኛው ገበያም ያው ጥፋት ቢደርስበት ግን ሁለተኛውን ይቅርታ እንደ ልማድ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የዚያ ቅዳሜ ሥራ የሚያልቀው እንግዶቹ ሲወጡ ሳይሆን፣ የጥብሱና የሽሮው ትእዛዝ ለሁለቱ ወጥ ሠሪዎች በአንድ ጊዜ የሚነገርበትና ሽሮው ሊፈላ ሲል ጥብሱ ወደ እሳት የሚገባበት አሠራር ሲበጅ ነው።