ዘጠኙ አሃዞች

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አባላቱን በየወረዳቸው ለጉባኤ በቴክስት ሊጠራ ነው እንበል። የአባላቱ ዝርዝር በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን የተጻፈ አይደለም። ከፊሉ ከወረቀት ቅጽ ተገልብጧል፣ ከፊሉ ከገንዘብ ያዥዋ ስልክ፣ ከፊሉ ደግሞ ከአሮጌ የኤክሴል ፋይል ተሰብስቧል። ፋይሉን የሚከፍተው ሰው የአንዲት አባል ቁጥር ብቻ አምስት ዓይነት መልክ ይዞ ሊያገኘው ይችላል። የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች እዚህ በX ተተክተዋል፦

```
0911XXXXXX
911XXXXXX
+251 911 XX-XX-XX
2510911XXXXXX
O911XXXXXX
```

ሰው አምስቱንም አይቶ አንድ ስልክ መሆኑን ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግን አምስት የተለያዩ ቁጥሮች አድርጎ ይይዛቸዋል። በአራተኛው ላይ የአገሩ ኮድም ዜሮውም አብረው ገብተዋል። አምስተኛው ደግሞ የሚጀምረው በዜሮ ሳይሆን በላቲኑ ፊደል ኦ ነው፤ ይህን ዓይን በቀላሉ አይለየውም።

ሁሉንም ወደ አንድ መልክ ለማምጣት የሚያገለግለው ስምምነት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጣውና E.164 የሚባለው ነው። የመደመር ምልክት ይቀድማል፣ የአገሩ ኮድ ይከተላል፣ ከዚያም ቁጥሩ ያለ መነሻ ዜሮው ይጻፋል። ለኢትዮጵያ ይህ ማለት +251 እና ዘጠኝ አሃዝ ነው። ሥራው ሁሉ የሚያርፈው በእነዚህ ዘጠኝ አሃዞች ላይ ነው። በ9 ከጀመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል ነው፤ በ7 ከጀመሩ የሳፋሪኮም ነው። በ11 ከጀመሩ ደግሞ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ስለሆነ ከቴክስት ዝርዝሩ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ ባለቤቱ በድምፅ ይጠራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አቋራጭ ይፈልጋል። የየቁጥሩን የመጨረሻ ዘጠኝ አሃዝ ቆርጦ ከፊቱ +251 መቀጠል በኤክሴል የአንድ መስመር ሥራ ነው፦

```
="+251"&RIGHT(A2,9)
```

አቋራጩ ክፍተትና ሰረዝ የሌለባቸውን ትክክለኛ ቁጥሮች ያስተካክላል፤ የተበላሹትን ግን ይሸፍናል። ጸሐፊው በስህተት መጨረሻ ላይ አንድ አሃዝ የጨመረበትን ቁጥር እንውሰድ፤ ዐሥር የነበረው ዐሥራ አንድ ይሆናል። ከኋላ ዘጠኝ ሲቆረጥ የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች፣ ማለትም 09፣ ይወድቃሉ። ሦስተኛው አሃዝ 7 ወይም 9 ከሆነ የቀረው ቁጥር ጤነኛ ሞባይል መስሎ ያልፋል፤ መልእክቱም ማኅበሩን ለማያውቅ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ መቁረጡ ሳይሆን መቁጠሩ ይቀድማል። ክፍተቱ፣ ሰረዙ፣ ቅንፉና የመደመር ምልክቱ ከተወገዱ በኋላ 9፣ 10፣ 12 ወይም 13 አሃዝ የሆኑት ብቻ ይታያሉ። ዘጠኝ የሆነው በ9 ወይም በ7፣ ዐሥር የሆነው በ0፣ ዐሥራ ሁለት የሆነው በ251፣ ዐሥራ ሦስት የሆነው በ2510 መጀመር አለበት። ከዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ «ይጣራ» ተብሎ ሰው ያየዋል እንጂ በግምት አይሞላም። ሁለት ቁጥር በአንድ ሳጥን ውስጥ በእዝባር ተለይቶ የተጻፈበትም መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል።

ኤክሴል ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ቁጥሩን እንደ ሒሳብ ስለሚያየው የመነሻውን ዜሮ ይጥላል። ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ዘጠኙ አሃዞች በቦታቸው አሉ። ዐሥራ ሁለት አሃዝ ያለውን ግን እንዲህ አሳጥሮ ያሳየዋል፦

```
2.51911E+11
```

ፋይሉ ገና በኤክሴል መልክ ከሆነ ሙሉ ቁጥሩ ከበስተጀርባ አለ፤ የሳጥኑን ዓይነት መቀየር ይመልሰዋል። በዚሁ መልኩ CSV ተብሎ ከተቀመጠ ግን የሚቀመጠው የሚታየው ብቻ ነው፤ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ለዘለዓለም ጠፉ። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ብዙ አባላት በድንገት አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ከተገኙና ቁጥሩ በዜሮዎች ካበቃ የደረሰው ይኸው ነው፤ ወደ ወረቀቱ ቅጽ ከመመለስ በቀር መድኃኒት የለውም። መከላከያው ቁጥሩ ከመገባቱ በፊት ዐምዱን «ጽሑፍ» ማድረግና የመጀመሪያውን ዐምድ ሳይነኩ የጸዳውን በአጠገቡ በአዲስ ዐምድ መጻፍ ነው።

ማኅበሩ በውጭ አገር የሚኖሩ አባላት ካሉት ሌላ ወጥመድ አለ። የስዊድን ሞባይል በአገር ውስጥ አጻጻፉ በ07 ይጀምራል፤ አሃዙም ዐሥር ነው። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ቁጥርም እንደዚሁ። በስቶክሆልም የምትኖር አባል ቁጥሯን እንደለመደችው ጽፋ ብትልክ ከላይ ያለውን ፈተና ሁሉ ያልፍና +251 ይቀጠልበታል፤ መልእክቷም አዲስ አበባ ላለ ለማይታወቅ ሰው ይሄዳል። ይህን ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የሚያድነው የመኖሪያ አገር የሚጻፍበት ዐምድ ነው፤ ኮዱ የሚቀጠለው እርሱ ከታየ በኋላ ነው።

የአድራሻው ሥራ ከቁጥሩ ይልቅ ዝግ ይላል፤ ምክንያቱም አሃዝ ቆጥሮ የሚፈረድበት ነገር የለውም። «ንፋስ ስልክ ላፍቶ»፣ «ነፋስ ስልክ»፣ «ን/ስ/ላ» አንድ ክፍለ ከተማ ናቸው። «ወረዳ 3»፣ «ወ/03» እና «03» አንድ ወረዳ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚበጀው ዐሥራ አንዱን የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች በአንድ ሰሌዳ ላይ መጻፍና በዝርዝሩ ውስጥ የተገኘውን እያንዳንዱን አጻጻፍ ከትክክለኛው ስም ጎን ማስፈር ነው። ሰሌዳው አንድ ጊዜ ከተሠራ ለሚቀጥለው ዘመቻም ያገለግላል።

ግን አንዳንዱ ልዩነት የአጻጻፍ አይደለም። በድሮው ቅጽ ላይ «ቀበሌ 05» የሚል ከተገኘ ወደ «ወረዳ 05» መለወጥ ስህተት ነው፤ ቀበሌዎቹ ሲታጠፉ ቁጥሮቹ እንዳሉ አልተሸጋገሩም። የአያት ነዋሪ ሆኖ «የካ» ብሎ የተመዘገበ ሰውም በጊዜው ልክ ነበር፤ አካባቢው ዛሬ የሚገኘው ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በተዋቀረው ለሚ ኩራ ነው። እንዲህ ያለው አባል ተደውሎለት ይጠየቃል፤ እስኪጠየቅ ድረስ የወረዳው ዐምድ ባዶ ይሁን።

ቁጥሮቹ አንድ መልክ ሲይዙ ድግግሞሹ ራሱን ያወጣል። ይህ በቀጥታ ከወጪ ጋር ይገናኛል፤ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ቴክስት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ሲሆን ከዚያ ሲያልፍ በየ67 ፊደሉ ይከፈላል። የ130 ፊደል ጥሪ ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል፤ ቁጥሯ አምስት ጊዜ ለተመዘገበችው አባል ዐሥር ይላካል ማለት ነው። ቢሆንም የተደጋገመውን ሁሉ ከመዝገብ መሰረዝ አይገባም። ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ተመዝግበው ይሆናል፤ ሁለቱም አባል፣ ሁለቱም ድምፅ ሰጪ ናቸው። ከመላኪያው ዝርዝር ቁጥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀራል፤ ከአባላት መዝገብ ግን ማንም አይወጣም።

«አይላክልኝ» ያሉ ሰዎች ዝርዝርም በዚያው ደንብ መጽዳት አለበት። አንድ ሰው አምና በ09 በተጻፈ ቁጥር ይቅርብኝ ብሎ ዘንድሮ በ+251 መልክ ከተቀመጠ፣ ሁለቱ ዝርዝሮች ስለማይገናኙ መልእክቱ እንደገና ይደርሰዋል። ይህ የሰውን ፈቃድ መጣስ ስለሆነ ከድግግሞሹ ወጪ ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ ለሁሉም ከመላክ በፊት ከየወረዳው ለጥቂት አባላት ተልኮ የመድረሻ ሪፖርቱ ይታያል። «አልደረሰም» የሚለው ግን ሁለት ፍቺ አለው። ስልኩ ተዘግቶ ወይም ኔትወርክ ከሌለበት ቦታ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቁጥር ጤነኛ ነውና በሌላ ቀን ይሞከራል። ቁጥሩ ከነጭራሹ የለም የሚል መልስ የመጣበት ብቻ «ይጣራ» ወደሚለው ተመልሶ ከወረቀቱ ቅጽ ጋር ይመሳከራል።