የጠረጴዛ መብራት ስፒና አቀያየር

የጠረጴዛ መብራትዎ ገመዱ ሲነካ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ሶኬት ላይ የሚሰካው ስፒና ከተሰነጠቀ ወይም የመቃጠል ሽታ ካመጣ፣ በፕላስተር ጠቅልለው አይለፉት፤ ይቀይሩት። ካቻቢቴና የገመድ መቁረጫ ይበቃል። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ስለሆነ የመብራቱን ማብሪያ ማጥፋት ብቻውን አያስተማምንም፤ መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉ።

አካሉ ብረት የሆነ፣ ገመዱ ሦስት ሽቦ ያለው መብራት እንውሰድ። አሮጌውን ስፒና ቆርጠው ሲያወጡ መዳቡ ከጠቆረ፣ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ገመዱን ያሳጥሩ። የአዲሱ ስፒና ክዳን በገመዱ የሚጠልቅ ዓይነት ከሆነ አሁኑኑ ያጥልቁት፤ በኋላ አይገባም። የውጭውን ሽፋን 3 ሴንቲሜትር ያህል፣ የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ ደግሞ 8 ሚሊሜትር ያህል ይግፈፉ። ቀጫጭኖቹን የመዳብ ክሮች አንድም ሳይቀር በጣት አጥብቀው ይጠምዝዙ፤ ያፈነገጠ አንድ ክር ሌላውን ሽቦ ከነካ ብሬከሩን ይጥላል። ጫፉን እርሳስ አቅልጠው የሚያጠነክሩ አሉ። ይህ ጉዳት አለው፦ እርሳሱ ለስላሳ በመሆኑ በብሎኑ ግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የላላው ቦታም ይሞቃል።

ቡናማውና ሰማያዊው ሽቦ ወደ ሁለቱ ጥርሶች ይሄዳሉ። እዚህ የለመድነው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ስፒና በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሰካ፣ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ መብራቱን አይጎዳም። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ግን የግራውንድ ሽቦ ነው፤ ከግራውንድ ብሎን በቀር ሌላ ቦታ ከታሰረ የመብራቱ ብረት ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ገመዱ ድንገት ቢጎተት መጨረሻ ላይ እንዲላቀቅም ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ያድርጉት።

ብዙ ሰው የሚዘለው የገመድ መቆንጠጫውን ነው። ገመዱ በሚገባበት በኩል በሁለት ብሎን የሚታሰር ትንሽ ፕላስቲክ አለ። እሱ መጨበጥ ያለበት ወፍራሙን የውጭ ሽፋን እንጂ ውስጥ ያሉትን ባለ ቀለም ሽቦዎች አይደለም። ሽፋኑ ከመቆንጠጫው በፊት ካለቀ፣ ገመዱን ጎትተው በነቀሉ ቁጥር ጉተታው የሚያርፈው በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ነው። ገመዱ ቀጭን ሆኖ ከተንሸራተተ ፕላስቲኩን ገልብጠው ይሞክሩ፤ አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ለቀጭን ገመድ የሚሆን እብጠት አለው። ገመዱን ቋጥሮ ውስጥ መደበቅ ግን ይህን አይተካም።

ክዳኑን ሳይዘጉ ስፒናውን በአንድ እጅ ይዘው ገመዱን በሌላው ጠበቅ አድርገው ይጎትቱ። ሽፋኑ ንቅንቅ ካላለ ዘግተው ይሰኩት። ለደቂቃዎች ካበሩት በኋላ ነቅለው ጥርሶቹን ይንኩ፤ የጠረጴዛ መብራት የሚወስደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነውና መሞቅ የለባቸውም። ከሞቁ የላላ ብሎን አለ፣ ወይም ሶኬቱ ራሱ አርጅቷል።

ቆርጠው የጣሉትን አሮጌ ስፒና ደግሞ ልጅ እጅ እንዳይገባ ጥርሶቹን አጣመው ይጣሉት። ሶኬት ላይ ከተሰካ የተቆረጠው ጫፍ 220 ቮልት ይይዛል።