ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት

“መንገዱ እንዴት ነበር?” ከእንግዳ መቀበያው እስከ ቃለ መጠይቁ ክፍል ድረስ ለሚደረግ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ ነጥብ የሚሰጥ የለም። ውጤቱን ግን ይነካል።

ብራያን ስዋይደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ይህንን በልምምድ ቃለ መጠይቆች ፈትሸዋል። በመግቢያው ጨዋታ ጠያቂዎቹ ላይ ያደረው ስሜት ለመጀመሪያዎቹ መልሶች የሰጡትን ነጥብ ይበልጥ ነካ፤ ወደ መጨረሻው ግን እየደከመ ሄደ።

ስለዚህ “መንገዱ አሰቃየኝ” ብሎ ማማረር የመጀመሪያውን መልስ ሊጎዳ ይችላል። “ደህና ነበር፤ ቀደም ብዬ ነው የወጣሁት። እርስዎስ ከሩቅ ነው የሚመጡት?” የሚል መልስ ግን ጨዋታውን ያስቀጥላል።

ቀጣሪውም መፍትሔ አለው፦ አመልካቹን የሚቀበለው ሰው ነጥብ ሰጪው ባይሆን፣ ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ ቢቀርብ፣ እያንዳንዱ መልስም ወዲያው ነጥብ ቢያዝለት አድልዎው ይቀንሳል።