የሄኖክን በጎች እንዴት እናንብብ?

በአንድ በግ ራስ ላይ ትልቅ ቀንድ ይበቅላል። ቁራዎች ሊሰብሩት ይታገላሉ፤ አልቻሉም። ይህ ትዕይንት የሚገኘው በመጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ ተመራማሪዎች «የእንስሳት ራእይ» በሚሉት ክፍል ነው፤ በምርምር እትሞች ከምዕራፍ 85 እስከ 90 ይዘልቃል። ከቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ሙሉው ግን በእጃችን ያለው በግዕዝ ብቻ ነው።

ሄኖክ ለልጁ ለማቱሳላ የዓለምን ታሪክ በእንስሳት ይተርካል። አዳም ነጭ በሬ ነው። ከያዕቆብ ጀምሮ እስራኤል በጎች ይሆናሉ፤ ግብፃውያን ተኩላዎች፣ በኋላ የሚመጡት የግሪክ ገዢዎች ደግሞ ንስሮችና ቁራዎች። የበጎች ዓይን መታወር ከሕጉ መራቅ ነው። ምስጢሩ የዘፈቀደ አይደለም፤ አንዴ ከተቀመጠ እስከ መጨረሻው ይሠራል።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት መጽሐፉን ለራሱ ለሄኖክ ይሰጣል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ይህ ራእይ ተጽፎ ያለቀው በመከራ ዘመን ነው ይላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት ግድም ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ በይሁዳ ምድር ግርዘትንና ሰንበትን ከለከለ፤ ቤተ መቅደሱን አረከሰ። ይሁዳ መቃቢ ጦር አንሥቶ ተዋጋ። ትልቁ ቀንድ እሱ ነው ይላሉ ብዙዎቹ። እንዲህ ባለ ጊዜ የራእይ ጸሐፊ የጥንት ጻድቅን አንደበት ይመርጣል፤ የኖረውን ታሪክ ወደፊት እንደሚሆን አድርጎ ይተርካል፤ አሳዳጁንም በአውሬ መልክ ያቀርበዋል። ለሚሰደደው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ የሚደርስበት ግፍ አስቀድሞ የታወቀ፣ የሚያበቃበት ቀንም የተቆረጠ ሆኖ ይታየዋል።

ስለዚህ ራእይ ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ መጀመሪያ ጽሑፉ ራሱ ያስቀመጠውን ምስጢር ያውጣ፤ ቀጥሎ ታሪኩ እውነተኛ ክንውኖችን መከተሉን የሚያቆምበትን ቦታ ይፈልግ። እዚህ ቦታው ግልጽ ነው። ትረካው እስከ ይሁዳ ውጊያ ድረስ ከምናውቀው ታሪክ ጋር ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ለበጎቹ ታላቅ ሰይፍ ይሰጣል፣ የፍርድ ዙፋን ይዘረጋል፣ አዲስ ቤት ይመጣል። በ160 ዓመት ግድም ይሁዳ በጦር ሜዳ ወደቀ፤ ራእዩ ግን ሞቱን አያውቅም። ተመራማሪዎች ጽሑፉ ከዚያ በፊት ያለቀ ነው የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ሁሉም ምልክት ግን አይፈታም። ቁራዎቹ የነጠቁት ግልገል የተገደለው ሊቀ ካህናት ኦንያስ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ ድርሰቱም «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይተወው እንጂ አያረጋግጥ። በትልቁ ቀንድ ላይ የዘመናችንን መሪ ስም የሚለጥፍ ደግሞ ስለ ራሱ ዘመን ጻፈ እንጂ ሄኖክን አላነበበም።