ትንሽ የሚመስለው የውስጥ ሉፕ

በአንድ ዝርዝር ውስጥ n የመታወቂያ ቁጥሮች ተመዝግበዋል እንበል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቁጥር መኖሩን ለማወቅ የሚከተለው አጭር ፕሮግራም ተዘጋጀ፦

```
for i in range(n):
    for j in range(i):
        if a[i] == a[j]:
            print(a[i])
```

ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቁጥር ከእርሱ አስቀድመው ከተጻፉት ጋር ብቻ ያነጻጽራል። ታዲያ የሥራው ጊዜ ከ n ጋር እንዴት ያድጋል? ለዚህ ጥያቄ «ሊኒየር ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። የውስጠኛው ሉፕ በመጀመሪያው ዙር ምንም አይሠራም፤ በሁለተኛው አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ይታያል።

መልሱ ትክክል አለመሆኑን ለመረዳት ንጽጽሮቹን እንቁጠር። n 5 ሲሆን ድምሩ 0+1+2+3+4 ማለትም 10 ነው። ለማንኛውም n ደግሞ ከ0 እስከ n-1 ያሉትን ቁጥሮች በአንድ መስመር እንጻፍ፤ ከሥራቸውም እነዚያኑ ቁጥሮች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንደርድር። ላይና ታች ያሉት እያንዳንዳቸው ጥንዶች ሲደመሩ n-1 ይሆናሉ፤ ጥንዶቹም n ናቸው። ድምሩን ሁለት ጊዜ ስለጻፍነው ትክክለኛው ብዛት n(n-1)/2 ነው።

በዚህ መሠረት ለ1,000 ቁጥሮች 499,500 ንጽጽሮች፣ ለ2,000 ደግሞ 1,999,000 ንጽጽሮች ያስፈልጋሉ። ዝርዝሩ እጥፍ ሲሆን ሥራው አራት እጥፍ ያህል ሆነ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የታየው ትንሽነት በመጨረሻዎቹ ዙሮች ይካካሳል፤ የውስጠኛው ሉፕ በአማካይ n/2 ያህል ጊዜ ይሠራልና። ለሁለት መካፈሉ የእድገቱን ዓይነት ስለማይለውጥ መልሱ O(n²) ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ሉፕ ባለበት ሁሉ O(n²) አለ ማለት አይደለም። `range(i)` በ `range(10)` ቢተካ ጠቅላላው ሥራ 10n ስለሚሆን በእርግጥ ሊኒየር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የውስጠኛው ሉፕ ትንሽ መሆኑ ሳይሆን፣ n ሲያድግ ወሰኑ አብሮ ማደግ አለማደጉ ነው።

በተግባር ለማረጋገጥ ዝርዝሩን እጥፍ አድርጎ ጊዜውን መለካት ይበቃል። ጊዜው ሁለት እጥፍ ከሆነ ሊኒየር፣ አራት እጥፍ ከሆነ ኳድራቲክ ነው። በጥቂት ቁጥሮች መለካት ግን ያሳስታል፤ ፕሮግራሙን ለማስነሳት የሚፈጀው ጊዜ ልዩነቱን ይሸፍነዋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ዝርዝሩ ሲረዝም ነው። በሰከንድ 100 ሚሊዮን ንጽጽር የሚሠራ ኮምፒዩተር ለአንድ ሚሊዮን ቁጥሮች 5,000 ሰከንድ ያህል፣ ማለትም ከ83 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ቁጥሮቹ አስቀድመው በመርጅ ሶርት ቢደረደሩ ግን የተደጋገሙት ጎን ለጎን ስለሚሆኑ 20 ሚሊዮን ያህል ንጽጽር ይበቃል፤ ይኸውም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው።