ለውሃ ገምጋሚ የሚሰጥ ቢጋር

የእጅ ፓምፖች ለአንድ ወረዳ ቀበሌዎች ተሠርተው ከተረከቡ ሁለት ሦስት ዓመት አልፏል እንበል። ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት አማካሪ ቀጥሮ ሥራውን ያስገመግማል። ምን እንደሚመረምር፣ በስንት ቀን እንደሚጨርስና መቼ እንደሚከፈለው የሚወስነው ሰነድ ቢጋር ይባላል። የግምገማው ውጤት ግማሹ አማካሪው መኪና ላይ ሳይወጣ እዚያ ወረቀት ላይ ያልቃል።

ብዙ ቢጋር «ፕሮጀክቱ ምን ያህል ዘላቂ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ ማንም የፈለገውን ሊመልስ ይችላል። «ስንቱ ፓምፕ ይሠራል?» ማለት ይሻላል፤ ግን እሱም ብቻውን አያስተማምንም። አፕግሮ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር መርሃ ግብር በኢትዮጵያ የእጅ ፓምፖችን ሲፈትሽ፣ በዕለቱ ውሃ የሰጡት 82 በመቶ ያህል ነበሩ። በደቂቃ ቢያንስ 10 ሊትር ይስጥ ሲባል ቁጥሩ ወደ 59 ወረደ። በዓመቱ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ተበላሽቶ ያልቆመ ሲባል ደግሞ 45 አካባቢ ሆነ። ፓምፖቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው መስፈርቱ ነው። ስለዚህ ቢጋሩ መስፈርቱን ራሱ መጻፍ አለበት፦ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ2 ደቂቃ ይሞላል ወይ? ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ቆመ? ማን ጠገነው፣ ጎሚኒው ከየት ተገዛ?

ቀጥሎ የቀን ሒሳብ አለ። ወረዳው 60 ፓምፕ ቢኖረውና ቢጋሩ ለመስክ 5 ቀን ቢፈቅድ፣ በቀን ሦስት እየታየ 15 ብቻ ይታያል። እነዚያን 15 የሚመርጥ ሰው ካልተወሰነ፣ መኪና የሚገባባቸው፣ ኮሚቴያቸውም ንቁ የሆኑት እንደሚመረጡ አያጠራጥርም። የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አማካሪው ከሙሉው ዝርዝር በዕጣ ያውጣ፣ በእግር የሚኬድበት ጎጥ ከደረሰውም ቀን ይጨመርለት። ወሩም ይጻፍ። በመስከረም የታየ ጉድጓድ ክረምቱን ጠጥቶ ነው የሚጠብቀው፤ ድክመቱ የሚለየው በመጋቢት ነው።

ከሰው ጋር የሚደረገው ንግግር ደግሞ በሊቀመንበሩ ቤት ብቻ ቢቀር ከንቱ ነው። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ለብቻቸው ይጠየቁ፤ የውሃ ኮሚቴው ደብተርም ይከፈት። በየወሩ የተዋጣው ብር አንድ ጥገና እንኳ የማይችል ከሆነ፣ ፓምፑ ዛሬ ቢሠራም ከሚቀጥለው ብልሽት በኋላ የሚያስነሳው የለም።

በመጨረሻ ረቂቁ ይቀርባል። ቀጣሪው የተሳሳተ የቀበሌ ስም ወይም ቁጥር ማረም ይችላል። የማይስማማበት ግኝት ሲኖር ግን ሐሳቡ በአባሪ ይታተማል እንጂ ግኝቱ አይሰረዝም። ይህ በቢጋሩ ካልተጻፈ የመጨረሻውን ክፍያ የያዘው ወገን ይረታል። የየፓምፑ የመስክ መረጃም ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ቅጂ እንዲሰጥ ይጻፍ፤ ብልሽቱን የሚጠግነው እሱ ነውና።