ቤትን ከውጭ ማየትና ቤትን ሰንጥቆ ማየት፦ ኤሌቬሽንና ሴክሽን ስለ አንድ ንድፍ ምን ይነግሩናል?



ዛሬ የምናገረው ሁላችሁም በመጀመሪያው ዓመት ስለተማራችሁት ነገር ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ መጨረሻ በሚቀርቡ የመመረቂያ ሥራዎች ላይ የማየው አንድ ልማድ ርዕሱን እንደገና እንዳነሳው አስገድዶኛል። ተማሪው ኤሌቬሽኑን ለሳምንታት ሲያስውብ ይቆይና ሴክሽኑን በመጨረሻዋ ሌሊት፣ ከኤሌቬሽኑ ላይ ቁመት እየቀዳ ይሠራዋል። በዚህ አኳኋን የተሠራ ሴክሽን ስለ ቤቱ የሚጨምረው አንዳችም እውቀት የለም። ጉዳቱ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁለቱ ንድፎች ምን እንደሆኑ በአጭሩ ላስታውስና ወደ ምሳሌዎቹ እገባለሁ።

በሁለቱም ንድፎች ተመልካቹ በአንድ ቦታ የቆመ ሰው አይደለም። የዕይታ መስመሮቹ ሁሉ ትይዩ ሆነው ንድፉ በሚያርፍበት ምናባዊ ጠለል ላይ በ90 ዲግሪ ይደርሳሉ። በመሆኑም የራቀው አያንስም፣ የቀረበውም አይገዝፍም፤ ስኬሉን የያዘ ሰው ቁመትና ስፋትን ከወረቀቱ ላይ ሊለካ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ጠለሉ በሚቆምበት ስፍራ ነው። ኤሌቬሽን ሲሣል ጠለሉ ከቤቱ ውጭ ይቆማል፤ ቤቱን አይነካውም። ሴክሽን ሲሣል ግን ጠለሉ ቤቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከጠለሉ ወዲህ ያለው ክፍል እንደተነሣ ይቆጠራል፣ የተቆረጠው ግድግዳ፣ ስላብ፣ ቢምና መሬት በወፍራም መስመር ይወጣል፣ ከቁርጡ ወዲያ ያለው ደግሞ በቀጭን መስመር ይታያል። ከዚህ የተነሣ ሴክሽን በውስጡ ኤሌቬሽን ይዟል፤ ከቁርጡ ባሻገር የሚታየው የክፍሉ ግድግዳ የውስጥ ኤሌቬሽን ነውና።

ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል። ከባድነቱ የሚገለጠው ላሊበላ ሄደን ቤተ ጊዮርጊስን ለመሣል ስንሞክር ነው።

ቤተ ጊዮርጊስ ከድንጋይ የተገነባ ሳይሆን ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ታውቃላችሁ። ጠራቢዎቹ አለቱን ከላይ ወደ ታች እየቆፈሩ በመካከሉ በመስቀል ቅርጽ የቆመ አንድ ወጥ ግዙፍ ድንጋይ አስቀሩ፤ ከዚያም ውስጡን ፈለፈሉት። ከፍታው ከ10 ሜትር በላይ ቢሆንም ጣሪያው በዙሪያው ካለው መሬት ብዙም ከፍ አይልም። እንግዲህ በደንቡ መሠረት ጠለሉን ከቤቱ ራቅ አድርገን፣ ከጉድጓዱ ውጭ እናቁመው። የሚታየን ምንድን ነው? የመሬቱ መስመርና ምናልባት የጣሪያው ጠርዝ ብቻ ነው። ትክክለኛው ኤሌቬሽን ባዶ ወረቀት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

በየመጽሐፉ የምናየው የቤተ ጊዮርጊስ ኤሌቬሽን ታዲያ እንዴት ተሣለ? ጠለሉ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ በቤቱና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ባለው ግቢ ቆሞ ነው። ጠለሉ እዚያ ሲቆም ቤቱን ባይነካውም በግራና በቀኝ ያለውን አለት፣ ከሥርም የግቢውን ወለል መቁረጡ አይቀርም። ስለዚህ ያ ሥዕል ለቤቱ ኤሌቬሽን ሲሆን ለመሬቱ ሴክሽን ነው። ሠዓሊው ይህን ካወቀ አለቱን በወፍራም መስመር ያወጣዋል፣ ውስጡንም ያጠቁረዋል። ካላወቀ ግን ቤተ ክርስቲያኑን በሜዳ ላይ እንደ ቆመ ሕንፃ አድርጎ ይሥለዋል፤ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አጋጥመውኛል። የቤቱ መጠን ትክክል ሆኖ ሳለ የቤቱ ዋና ነገር፣ ከመሬት ጋር ያለው ዝምድና፣ ጠፍቷል።

አሁን ወደ ቤቱ ፊት እንቅረብ። መስቀሉ በዙሪያው 12 ፊቶች አሉት። በሦስቱ ላይ በሮች፣ በዘጠኙ ላይ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ይገኛሉ። በላይኛው ረድፍ ደግሞ ሹል ቅስት ያላቸው 12 መስኮቶች አሉ። በመካከል ግድግዳውን የሚዞሩ አግዳሚ ቅርጾች አሉ፤ ቤቱም ባለ ፎቅ ሆኖ ይታያል። ኤሌቬሽኑ እነዚህን ሁሉ በታማኝነት ያቀርባል፤ የመስኮቶቹን አቀማመጥ፣ የአግዳሚዎቹን ምት፣ ቤቱ የቆመበትን ደረጃዊ መሠረት። የአክሱም የግንባታ ስልት በድንጋይ ላይ እንዴት እንደተቀረጸ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የሚበልጥ ሰነድ የለም፤ ሴክሽኑ ይህን ሊሰጠው አይችልም።

ሴክሽኑን ስንሠራ ግን ሌላ ቤት ይወጣል። የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ዕውሮች ናቸው፤ በግድግዳው ላይ ተቀረጹ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቁም። በኤሌቬሽን ላይ ዕውር መስኮትና ክፍት መስኮት በአንድ ዓይነት መስመር ሊወጡ ይችላሉ፤ በሴክሽን ላይ ግን አንዱ ጥቁር ግድግዳ ነው፣ ሌላው ክፍተት። ከዚህ ወዲያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ማንም ሳይነግረን እንረዳለን፤ ከላይኛው ረድፍ፣ ከሰው ራስ በላይ ነው የሚገባው። አግዳሚ ቅርጾቹ ያሳሰቡን ፎቅም የለም፤ ውስጡ አንድ ከፍ ያለ አዳራሽ ነው።

የሚቆረጥበት ቦታም እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከመቅደሱ በላይ፣ በምሥራቁ የመስቀል ክንድ፣ ከውስጥ የተፈለፈለ ጉልላት አለ። ከውጭ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ መስቀል ተቀርጾበታልና ጉልላቱ በየትኛውም ኤሌቬሽን ላይ አይታይም። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ በመካከል ብንቆርጥ ወደ ምዕራብ ስናይ ጉልላቱ ጨርሶ ያመልጠናል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ብንቆርጥ ግን በሩን፣ አዳራሹን፣ መቅደሱንና ጉልላቱን በአንድ መስመር እናገኛቸዋለን። ሁለቱም ሴክሽኖች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ግን ስለ ቤቱ ዋና ነገር ዝም ይላል። በፕላን ላይ የሀ–ሀ መስመርና የዕይታውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ማስቀመጥ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። ቀስቱን የዘነጋ ተማሪ አንባቢው ወደ የት እያየ እንደሆነ እንዳያውቅ አድርጎታል።

ኤሌቬሽን ብቻውን ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የአክሱም ሐውልቶች ከዚህም በላይ ያሳያሉ። የወደቀው ትልቁ ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው፤ ፊቱ ላይ በር፣ መስኮቶችና የወለል አግዳሚዎች ተቀርጸውበት የ13 ፎቅ ሕንፃ ይመስላል። ኤሌቬሽኑን ብቻ ያየ ሰው ስንት ክፍሎች እንዳሉት ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሴክሽኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ሴክሽኑን ወደ መሬት ስናወርደው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ርዝመት ወደ አፈር እንዲገባ የታሰበው ከ3 ሜትር ያነሰ መሆኑን እናያለን። ለመውደቁ አጥኚዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ኤሌቬሽን በመሬት መስመር ላይ ያበቃል፤ መሠረት የሚታየው በሴክሽን ብቻ ነው።

ከጥንቱ ወደ ዛሬው የስቱዲዮ ሥራ ልመለስ። ስለ ውበት ሳይሆን ስለ ሰው ራስ የሚናገር ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ መኖሪያ ቤት ከወለል እስከ ወለል ያለው ከፍታ 3.06 ሜትር ይሁን። ደረጃው 18 እርከኖች አሉት፤ የእያንዳንዱ ከፍታ 17 ሳንቲ ሜትር፣ መርገጫው 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በላይኛው ወለል የደረጃውን ክፍተት የሚያዋስነው ቢም ከነስላቡ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ ስለዚህ የቢሙ ሥር ከታችኛው ወለል 2.56 ሜትር ላይ ይሆናል። የቢሙ ጠርዝ ከመጀመሪያው እርከን 1.40 ሜትር ገባ ብሎ ቆሟል እንበል።

የታችኛው ወለል ፕላን ደረጃውን በትክክል ያሳያል። የላይኛው ፕላንም ክፍተቱን በትክክል ያሳያል። ኤሌቬሽኑ የደረጃውን ረጅም መስኮት አምሮ ያቀርባል። ሦስቱም ሉሆች እንከን የላቸውም። አሁን ደረጃውን በርዝመቱ እንቁረጠው። ከመጀመሪያው እርከን 1.40 ሜትር የራቀ ሰው አምስተኛው መርገጫ ላይ ቆሟል፤ ያም ከወለሉ 85 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው። ከ2.56 ላይ 85 ስንቀንስ 1.71 ሜትር ይቀራል። ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ጎልማሳ ግንባሩን ይመታል ማለት ነው። ከመርገጫው እስከ ቢሙ ሥር ቢያንስ 2.10 ሜትር እንዲኖር ከፈለግን ከቢሙ ሥር ሊኖር የሚችለው ከፍተኛ መርገጫ ሁለተኛው ነው፤ ሦስተኛው 2.05 ብቻ ያስቀራልና። ስለዚህ ቢሙ ከ60 ሳንቲ ሜትር በፊት ማብቃት አለበት፤ ክፍተቱም በ80 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ያ 80 ሳንቲ ሜትር የሚወሰደው ከላይኛው ክፍል ነው፤ በዚያ ክፍል በር ወይም አልጋ ታስቦ ከነበረ ፕላኑ እንደገና ይታሰባል።

ይህ እርማት በወረቀት ላይ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ቢሙ ከተሞላ በኋላ ግን የቢም ብረት የሚቆርጥ መሐንዲስ አታገኙም፤ ቢገኝም ባትቀበሉት እመርጣለሁ። ሴክሽን መጀመሪያ ይሠራ የምለው ስለዚህ ነው፤ ገና ቁመቶቹ ሳይወሰኑ፣ በ1:100 እርሳስ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ደረጃውንና መግቢያውን አቋርጦ። መስመሩ ዓምድ በርዝመቱ እንዳይቆርጥ ተጠንቀቁ፤ የተቆረጠ ዓምድ በሴክሽን ላይ ግድግዳ ይመስላልና ክፍሉን የተዘጋ ያደርገዋል። አስፈላጊ ሲሆን የቁርጡን መስመር ማጠፍ ይፈቀዳል፤ እጥፋቱ ግን በፕላኑ ላይ መታየት አለበት።

የሌላ ሰው ሥራ ስትመረምሩ ደግሞ አንድ መስኮት ምረጡ። ከወለሉ እስከ መስኮቱ ግርጌ ያለውን ቁመት በኤሌቬሽኑ ላይ ለኩ፣ ከዚያም በሴክሽኑ ላይ ለኩ። በአንዱ 90፣ በሌላው 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለቱ ንድፎች ስለ ሁለት ቤቶች እየተናገሩ ነው። በኮምፒውተር ሞዴል የሚሠሩ ተማሪዎች ይህ አያጋጥመንም ይላሉ፤ ከሞዴሉ የወጡት መስመሮች በእርግጥ ይስማማሉ፣ ነገር ግን በኋላ በእጅ የተጨመረው የልኬት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይስማማም። የመሬቱን መስመርም ተመልከቱ፦ ቦታው ተዳፋት መሆኑ እየታወቀ በአራቱም ኤሌቬሽኖች ላይ ቀጥ ያለ አግዳሚ ከሆነ፣ ቦታውን ሄዶ ያየ ሰው አልሣለውም።

 ጥያቄ ያላችሁ ከኋላ ወንበር ጀምራችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ።